«ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን የካቢኔት ስር መብራት ከመግዛታችሁ በፊት አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ

ለኪችን ካቢኔት ስር ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ባለ 5 ሜትር ኤልኢዲ ስትሪፕ፣ አዳፕተሩና ማብሪያ ማጥፊያው አብሮት ያለው ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክፍሎቹ እርስ በርስ አይመጣጠኑም። ስትሪፑ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ከትንሿ ጥቁር አዳፕተርና ከማብሪያ ማጥፊያው ነው። ገዢ ዓይኑ የሚያርፈው ብርሃኑ ላይ ስለሆነ እነዚህን ሁለቱን ሳያይ ከፍሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስትሪፑ በአንድ ሜትር ስንት ዋት እንደሚወስድ እዩ። በሜትር 60 ትልልቅ ኤልኢዲ ያለው የተለመደው ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ በሜትር 14.4 ዋት ይባልለታል። 5 ሜትሩ 72 ዋት ይሆናል፤ ለ12 ቮልት ስታካፍሉት 6 አምፔር ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመውም ይኸው 72 ዋት ነው። አሁን አዳፕተሩን ገልብጡና አውትፑት የሚለውን መስመር አንብቡ። የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 3 አምፔር ነው፤ 2 አምፔር የሆነም አለ። 12 በ3 ሲባዛ 36 ዋት ነው። አዳፕተሩ የሚችለው ስትሪፑ ከሚፈልገው ግማሹን ብቻ ነው ማለት ነው።

36ቱም ቢሆን ሁሉም ለእናንተ አይደለም። ኪችን ውስጥ ለሰዓታት የሚበራ አዳፕተር ከተጻፈበት አቅም ከ80 በመቶ በላይ ባይጫን ይመረጣል። የ36 ዋት 80 በመቶ 28.8 ዋት ነው፤ ይህን ለ14.4 ስታካፍሉት ልክ 2 ሜትር ይወጣል። ስለዚህ በካርቶኑ ውስጥ ያለው አዳፕተር በአግባቡ የሚያበራው ከ5 ሜትሩ 2 ሜትሩን ነው። 2 አምፔር የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ከ1 ሜትር ተኩል እንኳ ያንሳል።

ታዲያ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ለምን ይበራል? ሙከራው ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ነው። ቀዝቃዛ አዳፕተር ለአጭር ጊዜ ከአቅሙ በላይ መስጠት ይችላል። በዚያ ላይ ርካሽ ስትሪፕ ውስጥ ያለው መዳብ ስስ ስለሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል፤ ስትሪፑም ከተጻፈለት ያነሰ ይስባል። ቤት ወስዳችሁ ማታ ሙሉውን ስታበሩት ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አዳፕተሩ መከላከያ ያለው ከሆነ ራሱን ያጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል፤ እናንተ የምታዩት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ነው። መከላከያ ከሌለው ቮልቴጁ ይወርድና ውስጡ ይግላል። ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ቀስ በቀስ ያደርቃቸዋል፤ በዚያ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነው፤ ከዚያ መብራቱ ይርገበገባል፣ በመጨረሻም ጨርሶ ይሞታል። ገዢው ስትሪፑ የተበላሸ መስሎት ሌላ ተመሳሳይ ፓኬጅ ይገዛል። ይህ በጣም የሚያናድድ ነገር ነው፤ ስትሪፑ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነምና።

ከገንዘቡ የባሰው ደግሞ የደህንነቱ ነው። በአዳፕተሩ ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክና ወደ ስትሪፑ የሚወጣው ዝቅተኛ ቮልቴጅ በደንብ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። በርካሽ ዕቃ ላይ ይህ መለያ ክፍተት የሚጠበብበት ጊዜ አለ። ከተበላሸ የሶኬቱ ቮልቴጅ እናንተ በእርጥብ እጅ ወደምትነኩት የስትሪፑ አሉሚኒየም መያዣ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አዳፕተሩ ላይ የአምራቹ ስም፣ ኢንፑትና አውትፑቱ፣ እንዲሁም በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ የተሳለበት የድርብ መከላከያ ምልክት መኖሩን እዩ። ምንም ያልተጻፈበትን ወይም ተለጣፊው በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳውን አዳፕተር አትግዙ። የተገጠመ መብራት መያዣውን ስትነኩት የሚነዝር ከሆነ ከሶኬቱ ንቀሉትና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው አትመልሱት።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ቁጥር ቮልቴጁ ነው። 12 ቮልት ስትሪፕ ላይ ሦስት ሦስት ኤልኢዲዎች ከረንቱን ከሚገድብ አንድ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ይቀመጣሉ። ሦስቱ ኤልኢዲዎች ወደ 9 ቮልት ይወስዳሉ፤ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ወደ 3 ቮልት ነው። በመንገድ ላይ 1 ቮልት ብቻ ቢጠፋ ኤልኢዲዎቹ ድርሻቸውን እምብዛም ስለማይለቁ የሬዚስተሩ 3 ቮልት ወደ 2 ይወርዳል፤ ከርሱ ጋር የሚያልፈው ከረንት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከአዳፕተሩ ጎን ያለው ጫፍ ደማቅ፣ ሩቁ ጫፍ ፈዛዛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመልቲሜትር ለማረጋገጥ መብራቱ ሁሉ በርቶ ሳለ መነሻው ላይና መጨረሻው ላይ ለኩ። መነሻው 12፣ መጨረሻው 10.5 ካለ ስትሪፑ ለርዝመቱ ቀጭን ነው። መነሻው ራሱ 11 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ያቃተው አዳፕተሩ ነው።

24 ቮልት ስትሪፕ ለተመሳሳይ ዋት ግማሽ አምፔር ብቻ ይፈልጋል። በዚያው መዳብ ላይ የሚጠፋው ቮልት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከጠቅላላው አንጻር ሲታይ ሩብ ይሆናል። ከ2 ሜትር በላይ ለሆነ የኪችን ጠረጴዛ 24 ቮልት ግዙ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። አንድ የሚያስቸግር ነገር ቢኖር የመቁረጫ ምልክቶቹ ሊራራቁ መቻላቸው ነው። በሜትር 60 ኤልኢዲ ሲሆን 12 ቮልቱ በየ5 ሴንቲሜትሩ ይቆረጣል፤ ስድስት ስድስት የሚያያዘው 24 ቮልት ግን በየ10 ሴንቲሜትሩ ነው። ካቢኔታችሁን በዚህ ስሌት ለኩ፤ ከምልክቱ ውጭ የተቆረጠው ቁራጭ አይበራም።

ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እንምጣ። ከፓኬጁ ጋር የሚመጣው በገመዱ መሀል የሚገባ የንክኪ ማብሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚችለው 3 አምፔር ብቻ ነው፤ ለ6 አምፔር ስትሪፕ። የአዳፕተሩ ክብ መሰኪያም እንዲሁ ለ6 አምፔር የተሠራ አይደለም። መብራቱ ለአንድ ሰዓት ከበራ በኋላ መሰኪያውንና ማብሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ቀለሙን ከቀየረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ወዲያው አውጡት።

ብርሃኑን መጨመርና መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች የሚሠሩት ሌላ ስህተት አለ፤ ለአምፖል የተሠራውን የግድግዳ ዲመር ከአዳፕተሩ በፊት ይገጥማሉ። አዳፕተሩ ላይ በዲመር እንደሚሠራ ካልተጻፈበት ይጮኻል፣ መብራቱ ይርገበገባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ተራ አዳፕተር ካላችሁ ዲመሩ መግባት ያለበት በአዳፕተሩና በስትሪፑ መካከል ነው፤ የአምፔር አቅሙም ከስትሪፑ በላይ መሆን አለበት።

በእጅ ውዝወዛ የሚሠራው ሴንሰር እጃችሁ ሊጥ ወይም ዘይት ሲነካው ጥሩ ነው። ሆኖም ከሥሩ ረጅም ዕቃ ስታልፉበት ራሱ ያጠፋል፤ ስለዚህ ዕቃ የማይደረደርበት ጫፍ ላይ ይቀመጥ። እንቅስቃሴ አይቶ የሚያበራውን ለጠረጴዛ አልመክርም፤ ቆማችሁ ሽንኩርት ስትከትፉ እንቅስቃሴያችሁ ትንሽ ስለሆነ ቢላ በእጃችሁ እያለ ሊጠፋ ይችላል። የንክኪ ዲመርን ከግድግዳ ማብሪያ ጋር የምታጣምሩ ከሆነ ደግሞ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ዲመሩ የነበረበትን ሁኔታ የሚያስታውስ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሞክሩ፤ ካላስታወሰ በየቀኑ ሁለት ቦታ መጫን ሊኖርባችሁ ነው።

አሁን ለአንድ የኪችን ጠረጴዛ ምሳሌ እንሥራ። ከምድጃው ግራ 1.8 ሜትር፣ ቀኝ 1.2 ሜትር ካቢኔት አለ፤ በድምሩ 3 ሜትር። ፓኬጁን ብንገዛና ብንቆርጠው እንኳ 3 በ14.4 ሲባዛ 43 ዋት ይደርሳል፤ አዳፕተሩ ግን 36 ነው። ስለዚህ አይሆንም። በተናጠል ስንገዛ፦ በሜትር 10 ዋት የሆነ ባለ 24 ቮልት ስትሪፕ፣ 3 ሜትር፣ 30 ዋት። 30ን ለ0.8 ስናካፍል 37.5 ይመጣል፤ ወደ ላይ ስንጠጋ ባለ 40 ዋት የ24 ቮልት አዳፕተር ነው። የሚያልፈው ከረንት 1.25 አምፔር ብቻ ስለሆነ 3 አምፔር የሚችል ዲመር ያለጭንቀት ይበቃል።

ሁለቱን ክፍሎች አንዱን ከሌላው ጫፍ አትቀጥሉ። ከዲመሩ ለየብቻቸው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ገመድ አውጡ፤ ቀዩን ከፕላስ፣ ጥቁሩን ከማይነስ። አዳፕተሩ ካቢኔቱ አናት ላይ፣ አየር በሚያገኝበትና ኋላ መድረስ በምትችሉበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከምድጃው በላይ ግን አይሁን፣ ሙቀትና የዘይት ጭስ ይገድለዋል። የግድግዳውን መስመር የሚነካ ሥራ ካለ ለባለሙያ ስጡት።

ስትሪፑ በወተትማ ክዳን የተሸፈነ የአሉሚኒየም መያዣ ውስጥ ገብቶ ካቢኔቱ ሥር ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ ይገጠም። ግድግዳው ጋ ከገባ ግድግዳውን ያበራል እንጂ መክተፊያውን አያበራም። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ያለው ጠረጴዛ ነጠብጣቦቹን እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ክዳኑ ይጠቅማል፤ በሜትር 120 ኤልኢዲ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከመለጠፋችሁ በፊት የካቢኔቱን ሥር በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት ላይ የተለጠፈ ነገር ይወድቃል።

ፓኬጁን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ስትሪፑን አትጣሉት። የምትፈልጉትን ርዝመት ብቻ ከምልክቱ ላይ ቁረጡ፣ ሜትሩን በ14.4 አባዙ፣ ለ0.8 አካፍሉና ያን ያህል ዋት የሚችል ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ለብቻው ግዙ። ለ3 ሜትር 54 ዋት ስለሚመጣ ባለ 60 ዋቱን ውሰዱ። 3 ሜትሩ 3.6 አምፔር ስለሚስብ አብሮ የመጣውን የንክኪ ማብሪያ አውጡና 5 ወይም ከዚያ በላይ አምፔር የሚችል ተኩ። ቮልቱ ሳይመሳሰል ግን ምንም አትግጠሙ፤ 12 ቮልት ስትሪፕ ላይ የተሰካ የ24 ቮልት አዳፕተር ኤልኢዲዎቹን ያቃጥላቸዋል።