የገበያ ካላንደር ከየት ይወሰድ? በእጅ የተጻፈ ዝርዝር፣ ነፃ ላይብረሪ ወይስ የብሮከር ኤፒአይ

ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ። ደብረ ብርሃን ብርዱን ለቃዋለች፤ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ተኝቻለሁ። ለአንድ የውጭ ደንበኛ የጻፍኩት ስክሪፕት የኒውዮርክ ገበያ ሊዘጋ 15 ደቂቃ ሲቀረው የተያዘውን አክሲዮን ይሸጣል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ለ6 ሩብ ጉዳይ መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ግን ገበያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሐሙስ የዋለው የታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት ግማሽ ቀን ነዋ! ትእዛዜ ከ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በኋላ ደረሰ። ብሮከሩም ለሰኞ መክፈቻ አሳደረው። ደንበኛዬ መሸጥ የፈለገውን አክሲዮን ታቅፎ ቅዳሜና እሁድን ዋለ።

ያኔ የምጠቀመው በእጄ የጻፍኩትን የበዓላት ዝርዝር ነበር። ሐሙስን በትክክል ዘልሎታል። የዓርቡን የመዝጊያ ሰዓት ግን ከየት ያምጣው? ዝርዝሩ ቀን እንጂ ሰዓት የለውም።

የእጅ ዝርዝር ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ችግሩ ያምናውን ለዘንድሮ መገልበጥ አለመቻሉ ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 3 ቀን 2025 ግማሽ ቀን ነበር። በ2026 ግን ጁላይ 4 ቅዳሜ ላይ ስለሚውል በዓሉ ወደ ዓርብ ይመጣል፤ ጁላይ 3 ሙሉ ቀን ዝግ ነው። ታዲያ «ቅዳሜ ከዋለ ዓርብ ይዘጋል» ብላችሁ ኮድ እንዳትጽፉ። የ2022 አዲስ ዓመት ቅዳሜ ውሎ ሳለ ገበያው ዓርብ ዲሴምበር 31 ቀን 2021 እንደ ወትሮው ሠርቷል።

ሁለተኛው አማራጭ ነፃው የፓይተን ላይብረሪ `pandas_market_calendars` ነው። አሁን የምሠራበት ይኸው ነው።

```python
import pandas_market_calendars as mcal
nyse = mcal.get_calendar("NYSE")
s = nyse.schedule("2025-11-26", "2025-11-28")
print(s)
```

ሦስት ቀን ጠይቃችሁ ሁለት መስመር ይመጣላችኋል። 27ኛው የለም፤ በዓል ነው። የ26ኛው `market_close` 21:00 ይላል፣ የ28ኛው ደግሞ 18:00። ሰዓቱ በዩቲሲ ስለሆነ 3 ሰዓት ስትጨምሩበት የእኛ ይሆናል። ስለዚህ ስክሪፕቱን በቋሚ ሰዓት አትቀስቅሱት። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ይነሳና የዕለቱን መስመር ይፈልግ። ከሌለ ይውጣ፤ ካለ ከ`market_close` ላይ 15 ደቂቃ ቀንሶ ይጠብቅ። ኒውዮርኮች በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲያዛውሩ የሚመጣው ራስ ምታትም በዚያው ይቀራል።

ላይብረሪው የማያውቀው ድንገተኛ መዘጋትን ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር ያረፉት ዲሴምበር 29 ቀን 2024 ነው፤ ገበያው ለብሔራዊ የሐዘን ቀን ጃንዋሪ 9 ተዘጋ። የእኛ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተጫነና ያልታደሰ ላይብረሪ ያንን ሐሙስ ክፍት ነው ይላል። በፈረንጆቹ 2018ም ለቡሽ አባት ሐዘን ዲሴምበር 5 ተዘግቶ ነበር። እንግዲህ ጭኖ መርሳት የለም፤ እኔ በየወሩ `pip install -U pandas_market_calendars` እላለሁ።

ሦስተኛው የብሮከሩ የራሱ ካላንደር ነው። ለምሳሌ አልፓካ `/v2/calendar` ላይ የእያንዳንዱን ቀን `open` እና `close` ይሰጣል። ትእዛዙን የሚቀበለው ራሱ ስለሆነ ድንገተኛውን መዘጋት ለማወቅ ከላይብረሪው ይልቅ እሱን አምናለሁ። ሰዓቱ ግን የኒውዮርክ ነው፤ የ28ኛው `13:00` ብሎ ይመጣል። ከላይብረሪው 18:00 ጋር አንድ ነው፤ ሳይቀይሩ ማወዳደር ጉድ ያመጣል። አካውንትና ቁልፍም ይጠይቃል።

በተለይ እንደኛ ኔትወርኩ ውል የለሽ በሆነበት አገር አንድ ወጥመድ አለው። የተጠየቀው ቀን ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ገበያው ዝግ ነው። መልስ ራሱ ካልመጣ ግን ምንም አልታወቀም። ኮዳችሁ ሁለቱን በአንድ ዓይን ካያቸው መስመር በተቋረጠ ቁጥር «በዓል ነው» ብሎ ይተኛል። የሁለት ሳምንቱን አስቀድማችሁ አምጥታችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡ፤ መልስ ሲጠፋ በስልክ መልእክት ይላክላችሁ።

በክፍያ የሚሰጡ የካላንደር አገልግሎቶችም አሉ። አንድ ገበያ ብቻ ለሚከታተል ሰው ገንዘብ ማውጣት ትርፉ አይታየኝም። የቶኪዮን፣ የለንደንንና የሆንግ ኮንግን በዓል ባንዴ የሚከታተል ቢሮ ሊያስብበት ይችላል።

ትእዛዝ የማይልክ፣ ዋጋ ብቻ የሚያወርድ ስክሪፕት ላለው ላይብረሪው ይበቃዋል። ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ግን ሁለቱንም ያዙ፤ ብሮከሩና ላይብረሪው ካልተስማሙ ስክሪፕቱ ቆሞ ይጥራችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት 2025-01-09ን፣ 2025-07-03ንና 2025-11-28ን አስገብታችሁ ሞክሩት። የመጀመሪያው ዝግ፣ የቀሩት ሁለቱ በኒውዮርክ 13:00 የሚዘጉ ሆነው ካልመጡ አትግዙት፣ ነፃ ከሆነም አትጫኑት።