የጡረታን ሩብ በጥቅል መውሰድ ወይስ ሙሉውን አበል በየወሩ መቀበል፦ ንጽጽር

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በሒሳብ ሥራ ስላሳለፍሁ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ወዳጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጽ ይዞልኝ ይመጣል። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ። በአንዱ ምልክት ያደረገ ሰው ሙሉ አበሉን በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይቀበላል። በሌላው ያደረገ ደግሞ ከአበሉ ከፊሉን ለዘለቄታው ትቶ በምትኩ ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ጥያቄው ሁልጊዜ «የቱ ይሻለኛል?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለደከመኝ እዚህ ጻፍሁት። የማደላው ለወርኃዊው አበል መሆኑንም ከወዲሁ እናገራለሁ።

ያደላሁበት ምክንያት ታላቅ ወንድሜ ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ሙሉ አበሉ በወር 1,000 ነበር፤ ስሌቱ በየትኛውም አገር ገንዘብ ያው ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ። ሩቡን፣ ማለትም በወር 250፣ ትቶ 36,000 በጥቅል ወሰደ። ወጪውን የሚመዘግብባት ትንሽ ደብተር አለችው፤ ኋላ ላይ አሳየኝ። ለቤቱ ጣሪያና ግድግዳ ዕድሳት 14,000፣ ለአንድ የቅርብ ሰው ንግድ በብድር 9,000፣ ያገለገለች መኪና ለመግዛት 8,500፣ ያችኑ መኪና ለማስጠገን ሦስት ጊዜ በድምሩ 2,300። በአሥራ አራተኛው ወር መጨረሻ ላይ «ቀሪ 2,200» ይልና ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ብድሩ አልተመለሰም፤ መኪናዋም ቆማለች። ወንድሜ አባካኝ ሰው አይደለም። የተጻፉት ወጪዎች ሁሉ በየጊዜያቸው አሳማኝ ነበሩ፤ ችግሩ በእጅ ያለ ገንዘብ ፈላጊው ብዙ መሆኑ ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ቅጹ ላይ በጉልህ የሚጻፈው የጥቅሉ መጠን ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቁም ነገሩ ያለው በአንድ ቁጥር ላይ ሲሆን፣ ይኸውም ጥቅሉን በዓመት ለሚተወው አበል በማካፈል ይገኛል። ወንድሜ በዓመት 3,000 ትቶ 36,000 ስለወሰደ ቁጥሩ 12 ነው፤ ይህም የ12 ዓመት ድርሻውን አስቀድሞ ተቀበለ ማለት ነው። በብሪታንያ በብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዕቅዶች የሚሠራበት ቁጥር ይኸው 12 ነው። በሕንድ ግን የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኛ እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን አበሉን መለወጥ የሚችል ሲሆን፣ በ60 ዓመቱ ለሚወጣው ሰው ቁጥሩ 8.194 ብቻ ነው፤ በአንጻሩ የተቀነሰበት አበል ከ15 ዓመት በኋላ ይመለስለታል። ስለዚህ «የዘመዴ ጥቅል ከአንተ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ማካፈሉ እስኪሠራ ድረስ ከቁጥር አይገባም። ቁጥሩ ከ12 በታች እየወረደ በሄደ መጠን፣ የተቀነሰውም የማይመለስ ከሆነ፣ ጥቅሉ ርካሽ ዋጋ የተሰጠው ልውውጥ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ካገኘ በኋላ «12 ዓመት ከኖርሁ ተበላሁ፣ ካልኖርሁ አተረፍሁ» ብሎ ያቆማል። በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደራረባሉ። የመጀመሪያው የዕድሜ ግምት ነው። ሰው የሚያስበው ከልደት ጀምሮ የሚቆጠረውን የአገሩን አማካይ ዕድሜ ሲሆን፣ ያ አማካይ ግን በሕፃንነታቸውና በወጣትነታቸው የሞቱትንም ይጨምራል። 60 ዓመት የደረሰ ሰው እነዚያን አደጋዎች ሁሉ አልፏል፤ በዓለም አቀፍ አማካይ ገና 20 ዓመት ገደማ ይቀረዋል፤ ሴቶች ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። ሁለተኛው ስሕተት ወርኃዊው አበል ባለበት እንደሚቆም መቁጠር ነው። አበሉ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ የሚስተካከል ከሆነ የተተወው ሩብም አብሮ ያድጋል። ማስተካከያው በዓመት 3 በመቶ ቢሆን ጥቅሉ የሚካካሰው በ12 ሳይሆን በ10 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ወንድሜ ዛሬ 73 ዓመቱ ነው፤ በየወሩ የሚጎድልበት ገንዘብም 250 መሆኑ ቀርቶ 367 ደርሷል። በ13 ዓመት ውስጥ ያልተቀበለው ሲደመር ወደ 46,850 ይጠጋል፤ የወሰደው 36,000 ነበር፤ ጉድለቱ ግን ገና አልቆመም።

«ጥቅሉን ወስጄ በሥራ ላይ ባውለውስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቢያውለው መልካም ነው፤ ግን ምን ያህል ማትረፍ እንዳለበት ይወቅ። 20 ዓመት ለሚኖር ሰው፣ አበሉ የማይስተካከል ቢሆን እንኳ፣ 36,000ው ከወጪ በኋላ በየዓመቱ 5 ከመቶ ተኩል ገደማ ማስገኘት አለበት። አበሉ በ3 በመቶ የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ከ8 በመቶ በላይ፣ ያውም ያለ አንዳች የኪሳራ ዓመት ለ20 ዓመት። እኔ በሙያዬ ይህን አደርጋለሁ ብዬ አልፈርምም።

ለጥቅሉ የሚከራከር ሰው እውነተኛ ጉልበት የሚያገኘው ከግብር ነው፤ ይህንን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። በብዙ አገሮች ወርኃዊው አበል ግብር ሲቆረጥበት ጥቅሉ ግን በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ይሆናል። ከላይ ባለው ምሳሌ በወርኃዊው ላይ 20 በመቶ ግብር ቢኖር፣ በዓመት የሚተወው 3,000 በእጅ የሚገባው 2,400 ብቻ ስለሆነ ማካካሻው ወደ 15 ዓመት ይገፋል። ስለዚህ ማካፈሉ መሠራት ያለበት ግብሩ ከተቀነሰ በኋላ ባለው መጠን ነው። አበላቸው ከግብር ወለል በታች ለሚውል ሰዎች ግን ይህ መከራከሪያ ዋጋ የለውም፤ አበሉ ትንሽ የሆነ ጡረተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ባለትዳሮች አብረው ሊያነቡት የሚገባው፣ የተተኪዎች አበል ነው። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የሚቀበለው ድርሻ በአንዳንድ ዕቅዶች የሚሰላው ከመጀመሪያው ሙሉ አበል ሲሆን፣ በሌሎች ደግሞ ከተቀነሰው ነው። ድርሻው ግማሽ ቢሆን በመጀመሪያው መንገድ 500፣ በሁለተኛው 375 ይሆናል። ይህ ልዩነት ውሳኔውን ሊገለብጠው ይችላል፤ ምክንያቱም ከሙሉው የሚሰላ ከሆነ ጥቅሉን መውሰድ የትዳር ጓደኛን አይጎዳም። ቅጹ ላይ ብዙ ጊዜ አልተጻፈምና በቃል የተሰጠ መልስ አይበቃም። አራት ቁጥሮች በጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው፤ እነርሱም ሙሉው ወርኃዊ አበል፣ ጥቅሉ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው አበል፣ የጥቅሉ መጠን፣ እንዲሁም በሁለቱም መንገድ የተተኪው ድርሻ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍያ ከወጣ በኋላ ምርጫውን መለወጥ በአብዛኛው ስለማይቻል፣ መልሱ ሳይመጣ መፈረም አይገባም።

ስለ አስመሳዮቹም ልናገር፣ ምክንያቱም ሙሉውን አበል የመረጠ ሰው እንኳ ከእነርሱ አያመልጥም። የጡረታ ዕቅዱ ሳይሆን ሌላ ድርጅት «ወርኃዊ አበልህን ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ እንለውጥልህ» እያለ ይመጣል። የሥራ ባልደረባዬ ለነበረ ሰው የቀረበለት ውል 9,000 ወስዶ ለአምስት ዓመት በየወሩ 250 እንዲያስተላልፍ የሚል ነበር። ውሉ ላይ «ወለድ» የሚል ቃል የትም የለም፤ «ግዢ» ነው የሚለው። 60 ወር በ250 ሲባዛ 15,000 ነው፤ ሲሰላ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ያለው ብድር ሆኖ ይገኛል። ማታለያውን የሚያጋልጠው ያው የማካፈል ስሌት ነው፦ 9,000 ለ3,000 ሲካፈል 3 ይመጣል። የጡረታ ዕቅዱ ለዕድሜ ልክ 12 ሲሰጥ ይህኛው ለአምስት ዓመት 3 ይሰጣል። ከዕቅዱ ውጪ የሆነ ሰው አበልን በጥቅል ሊገዛ ሲመጣ፣ ውሉ ቤት ሳይገባ በሩ ላይ ቢመለስ ይሻላል።

እንዲህ ሆኖም ጥቅሉን ውሰዱ የምላቸው ሰዎች አሉ። ሐኪሙ ዕድሜውን በጥቂት ዓመታት የገመተለትና ተተኪ የሌለው ሰው ቀዳሚው ነው። የዋጋ ንረት በበረታበት አገር አበሉ ፈጽሞ የማይስተካከል ጡረተኛም እንዲሁ፤ ለእርሱ የዛሬ 10 ዓመት የሚመጣው 250 ስሙ እንጂ የመግዛት አቅሙ 250 አይሆንም፤ ጥቅሉን ዋጋው በማይቀልጥ ነገር ላይ ማዋል ይሻለዋል። ሦስተኛው ውድ ዕዳ ያለበት ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚገባው የዕዳው ልክ እንጂ ሩቡ በሙሉ አይደለም።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በደንብ ያየሁት ባለፈው ወር ቅጿን ይዛ በመጣች ወዳጄ ነው። አበሏ ከወንድሜ ጋር እኩል 1,000፣ የመለወጫ ቁጥሯም 12 ነበር። በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚበላ የ6,000 ዕዳ ስላለባት 36,000ውን ልትወስድ ቆርጣ ነበር። ቅጹን ሳገላብጠው ከጀርባው «ከሩብ ያነሰ መጠን መምረጥ ይቻላል» የሚል አንድ መስመር በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል፤ እርሷም አላየችውም ነበር። 6,000 ለ12 ሲካፈል 500 ነው፤ በዓመት 500 ትታ በዓመት 1,080 ወለድ የሚበላትን ዕዳ ትዘጋለች ማለት ነው። በባዶው ቦታ ላይ 6,000 ብላ ጻፈች፤ በየወሩ የሚደርሳትም 958 ሆነ።