ባለ ሦስት ቀዳዳ ሲንክ ላላችሁ፦ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ስለሚሸጠው የወጥ ቤት ቧንቧ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ስለሆነ፣ አነጋገሬ ቢከር ይቅርታ አድርጉልኝ። ስለ ዕቃው አንድ ጥያቄ ሳያስጨርስ «ለየትኛውም ሲንክ ይሆናል፣ አይጨነቁ» የሚለውን ሻጭ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሳጥኑን በፕላስቲክ እንደታሸገ ያስረክባችኋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ፊታችሁን ያየው አይመስልም። እኔ የገዛሁት አፉ ከነቱቦው ወደ ታች የሚሳበውን የወጥ ቤት ቧንቧ ሲሆን፣ ሲንኬ ባለ ሦስት ቀዳዳ መሆኑን ከመጀመሪያው ተናግሬአለሁ።

ይህ ዓይነት ቧንቧ በተፈጥሮው የአንድ ቀዳዳ ዕቃ ነው። የሙቅ ውሃው ፍሌክሲብል፣ የቀዝቃዛው ፍሌክሲብልና የሚሳበው ቱቦ ሦስቱም በግንዱ ውስጥ አልፈው፣ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ በአንድ ቀዳዳ ይወርዳሉ፤ ከሥር አንድ ትልቅ ዳዶ ይታሰርና ሥራው ያልቃል። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሲንክ ግን የተሠራው መሀሉ ላይ አፍ፣ ግራና ቀኙ ላይ የሙቅና የቀዝቃዛ መክፈቻ ላለው ቧንቧ ነው፤ በተለመደው አሠራር ከግራው ቀዳዳ መሀል እስከ ቀኙ ቀዳዳ መሀል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አዲሱ ቧንቧ የመሀሉን ብቻ ስለሚይዝ ሁለቱ የዳር ቀዳዳዎች ክፍት ይቀራሉ። እነሱን የሚሸፍነው ከቧንቧው ግርጌ የሚነጠፍ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የመሸፈኛ ላሜራ ነው። ባለ አንድ ቀዳዳ ሲንክ ያለው ሰው ይህን ላሜራ ከሳጥኑ ቢያገኘው እንኳ አውጥቶ ይጥለዋል፤ እንደ እኔ ላለው ሰው ግን ያለ እሱ ቧንቧው ግማሽ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ ልምጣ። የሲንኩን ልክ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበርና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ሻጩ ወረቀቱን እንኳ አላነበበውም፤ ለማሳያ ከተሰቀለው ቧንቧ ሥር ላሜራውን ነቅሎ አመጣና በወረቀቴ ላይ በሣልኳቸው ሦስት ክቦች ላይ አስቀመጠው። ልክ ገጠመ። በጣቱ ከዳር እስከ ዳር እየዳበሰ «አዩት? ምንም አይታይም፤ ሲንኩ ባለ አንድ ቀዳዳ ይመስላል» አለኝ። ላሜራው ከዕቃው ጋር መሆኑን ስጠይቀው «ያዩት ነው የሚሰጥዎት» ብሎ መለሰ። ከዚያም ላሜራውን በእርጋታ ወደ ማሳያው መልሶ፣ ከመደርደሪያ የታሸገ ሳጥን አወረደና ሰጠኝ። ደጋግሜ የማስበው ይህችን ቅጽበት ነው፤ ምክንያቱም ላሜራው ወደ ማሳያው ሲመለስ ሁለታችንም እያየን ነበር፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ስከፍት ቧንቧው፣ ዳዶው፣ ፍሌክሲብሎቹና ቱቦውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ክብደት ሁሉም አሉ፤ ላሜራው የለም። በሳጥኑ ፊት ለፊት ባለው ፎቶግራፍ ላይ ግን ቧንቧው ላሜራው ላይ ቆሞ ያንጸባርቃል። በውስጡ ባለው የመግጠሚያ ወረቀት ላይ፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ በጥቃቅን ፊደል የመሸፈኛ ላሜራው ለብቻው እንደሚሸጥ ተጽፏል። ይህ ወረቀት ያለው ከማሸጊያው ውስጥ ስለሆነ ሳጥኑን ያልከፈተ ሰው ሊያነበው አይችልም።

መልሼ ስወስደው ያጋጠመኝ ንቀት ከዕቃው ጉድለት ይብሳል። «ጋሼ፣ ሳጥኑ ተከፍቷል፤ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ፣ አጠገቡ ወዳለው ባልደረባው እየተመለከተ። ሳይከፈት ጉድለቱ እንዴት ሊታወቅ እንደሚችል ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። የማሳያውን ላሜራ ይስጠኝ ብል «እሱ የማሳያ ነው» አለ። ባልደረባውም ጣልቃ ገብቶ «ታዲያ ሲንኩን ለምን አይቀይሩትም?» ብሎ ሁለቱም ሳቁ። በመጨረሻ «ለሁሉም የሚሆን» የተባለ ሌላ ላሜራ ከጓዳ አውጥተው እንደገና አስከፈሉኝ። ያ ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሲነገረኝ በተናገረው ሰው ፊት ላይ የእፍረት ምልክት አላየሁም።

የእነሱ «ለሁሉም» ላሜራ ርዝመቱ አላነሰም። ሆኖም መሀሉ ላይ ያለው ከፍ ያለ ክብ መቀመጫ ለሌላ ዓይነት ቧንቧ የተሠራ ስለነበር የእኔ ቧንቧ ግርጌ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ከሥሩም ውሃ የሚያግደው የጎማ ንጣፍ አልነበረውም። ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ የቧንቧውን አፍ ስቤ በለቀቅሁ ቁጥር ግንዱ ይወዛወዛል። ወዲያውም ከሲንኩ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ወለል፣ ቺፑድ በመሆኑ፣ አብጦ አገኘሁት።

በስልክ ሳነጋግራቸው «የገጠመው ሰው ፍሌክሲብሉን አላጠበቀም» አሉ። ይህን ለማጣራት ከሥር ያሉትን ሁለቱን ቫልቮች ዘጋሁ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በጨርቅ አደረቅሁ፣ ከዚያም በላሜራው ዙሪያ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብዬ አፈሰስሁ። መጋጠሚያዎቹ ደረቅ እንደሆኑ ቀሩ፤ ከቀኙ የዳር ቀዳዳ ግን ውሃው ይንጠባጠብ ጀመር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እነሱ ግን «ሲሊኮን ይቀቡት» አሉኝ። ሲሊኮን የሚይዘው የማይንቀሳቀስን ነገር ነው፤ በየዕለቱ ግራ ቀኝ የሚዞርና የሚሳብ ቧንቧ ከሥሩ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የተቀባው በቶሎ ይላቀቃል፣ ውሃውም መንገዱን ያገኛል።

ባለ ሦስት ቀዳዳ ሲንክ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑን ሻጩ ራሱ ባንኮኒው ላይ ይክፈተውና ላሜራውን ከነጎማ ንጣፉ በእጃችሁ ያዙት፤ ቧንቧውንም በላዩ አቁማችሁ ሲነካ የሚወዛወዝ መሆኑን ተመልከቱ። የሲንኩ የኋላ ጠርዝ ከላሜራው የሚጠብ ከሆነም ላሜራው ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይቀመጥ፣ ሁለቱን የዳር ቀዳዳዎች በየራሳቸው ክዳን መዝጋት ወይም በአንዱ ላይ የፈሳሽ ሳሙና ማውጫ መትከል ይሻላል። ባለ አንድ ቀዳዳ ሲንክ ያላችሁ በዚህ በኩል እድለኞች ናችሁ፤ ለእናንተ የሚያሰጋው «ቀዳዳ እንጨምርበታለን» ተብሎ ሦስት ቀዳዳ የሚፈልገው ቧንቧ ሲቀርብላችሁ ነው። የማይዝግ ብረት በልኩ መሰርሰሪያ ይበሳል፤ ሸክላ ሊሰነጠቅ፣ በኢናሜል የተለበጠ ብረትም ልባጡ ሊላጥ ስለሚችል እሺ አትበሉ። ደረሰኙ ላይም «ከነመሸፈኛ ላሜራው» የሚለው በጽሑፍ ይግባ፤ አልጽፍም ካለ ዕቃውን እዚያው ትታችሁለት ውጡ።