ናፍጣ ይቆጥባል ያልከኝ ደላላ፣ ና ኢንጀክተሩን ክፈል

ፒክአፗን ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ጉልበት አላት፣ ወንበሯም ይመቻል። ስለ ጥሩ ጎኗ ይኸው ጨረስኩ፤ የማወራው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት አራት ኢንጀክተሮች ስለ ሦስተኛው ነው።

ክረምት ላይ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስሄድ ማደያዎቹ ናፍጣ የላቸውም። ከመንገድ ዳር በጀሪካን 20 ሊትር ገዛሁ። ብዙም ሳልርቅ ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮው የውሃ መብራት ቦግ አለ። እዚያው ሞተር አጥፍቼ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ መፍታት ነበረብኝ። እኔ ግን «ቦንጋ ልድረስ» አልኩ። ስደርስ ስፈታት ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ወረደ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አልነሳ አለች። ስትነሳም ቆማ ትንቀጠቀጣለች። መካኒኩ በአራቱ ኢንጀክተሮች የመመለሻ ቱቦ ላይ አራት ትንንሽ ጠርሙስ ሰቅሎ ሞተሩን አስነሳ። ሦስቱ ጠብ ጠብ ሲያደርጉ የሦስተኛው ጠርሙስ ወዲያው ሞላ። ወደ ሲሊንደሩ መግባት ያለበት ናፍጣ በተበላው ክፍተት ወደ ኋላ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ግፊቱ ካልሞላ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም።

የድሮዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ይህን ያህል አይቀናጡም ነበር። የዛሬው ኮመን ሬል የሚባለው ሞተር ግን ነዳጁን እስከ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው። ውስጡ ያሉት ብረቶች የተገጠሙት በሚሊሜትር ሺህኛ ልክ ነው፤ የሚያለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ አያለሰልስም፣ ያዝጋል እንጂ።

«ፊልትሮ አለው እኮ!» ትለኛለህ፣ አውቃለሁ። ፊልትሮ አፈር ይይዛል፣ ውሃም በመጠኑ ይለያል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ግን ምን ያድርግ? ከናፍጣው ጋር አንድ ሆኖ ያልፋል፤ ቀጭን ስለሆነም ብረቱን ያደርቀዋል። «በ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይረው» ያልከኝም ንጹህ ናፍጣ ላለበት አገር ነው። እኔ አሁን በ5 ሺህ እቀይራለሁ። በርካሹ አይደለም፤ እሱን አንዴ ሞክሬ ወረቀቱ ውስጡ ተቀዶ አገኘሁት።

አዲሱ ኢንጀክተር የቆጠብኩትን የናፍጣ ብር ጠራርጎ በላው። በዚያ ላይ ጀርባው ላይ ያለው ኮድ በኮምፒውተር ካልገባ በትክክል አይሠራም፤ ለሱም ሌላ ክፍያ። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዳ ከሆነ የቤንዚን መኪና ግዛ፣ ወንድሜ።

አሁን መኪናዬ ውስጥ ባዶ ሀይላንድ አይጠፋም። ከጀሪካን መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ እሷን አስሞልቼ ግማሽ ሰዓት አስቀምጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሥሯ ላይ አንድ ጣት ውሃ ተኛ። ለሻጩ ልጅ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ዝናብ ነው እኮ» አለኝ።