ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ጡጦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ደሴ ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ጡጦ ነው። በሐኪም ምክር የዱቄት ወተት ለሚወስድ ሕፃን በየቀኑ እየታጠበና እየተቀቀለ ወራት ቆይቷል። ጠርሙሱ ጥሩ ነው፤ የሚጠባው ጫፍና የመለኪያ መስመሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ሲገዛ መጀመሪያ ከሥሩ ይገልበጥ። ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር 5 ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ሲሠራም ቢፒኤ የተባለው ጎጂ ኬሚካል አይገባበትም። ከጎኑ የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ቢኖር ለምግብ የሚሆን ነው ማለት ነው። ቁጥር 7 ግን «ሌሎች» ለሚባሉት ሁሉ የተሰጠ ነው። ቢፒኤ ያለበት ፖሊካርቦኔትም፣ ውዱና ጥሩው ፒፒኤስዩም በዚሁ ቁጥር ይገባሉ። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊካርቦኔት ጡጦን በ2011፣ አሜሪካ ደግሞ በ2012 (ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አግደዋል። ስለዚህ 7 ብቻ ተጽፎበት የፕላስቲኩ ስም የሌለበትን መተው ነው። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈ «ከቢፒኤ ነፃ» የሚል ወረቀት ማንም ሊለጥፈው ይችላል፤ ፕላስቲኩ ላይ በቅርጽ የወጣው ምልክት ይሻላል።

ከቤት እንደገባ መለኪያውን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። ከፋርማሲ በተገዛ 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ ሦስት ጊዜ ውሃ ሲጨመር 60 ይሆናል፤ ውሃው ከ60 መስመር ጋር መግጠም አለበት። የዚህኛው ገጥሟል። አብሮት የተገዛው ትንሹ ጡጦ ግን ያንኑ ውሃ 70 ላይ አሳየ። እሱን አምኖ እስከ 60 መስመር የሚሞላ ሰው ያገኘው ውሃ 50 ገደማ ነው፤ ዱቄቱ ግን የ60ው ነው። ወተቱ ይወፍራል፣ የሕፃኑም ሰውነት ውሃ ያጥረዋል፣ ዓይነ ምድሩም ይጠጥራል። መስመሩ በቀለም የታተመ ከሆነ ደግሞ በመቀቀል ብዛት ይለቃል። በዚህ ጡጦ ላይ የታችኛው መስመር ዛሬ በጣት ካልተዳሰሰ አይታይም፤ ደግነቱ በቅርጽም ወጥቷል።

ጫፉ ሲሊኮን ነው። ለስንት ዕድሜ ሕፃን እንደሚሆን የሚጻፈው ራሱ ጫፉ ጠርዝ ላይ ነው፣ በደረጃ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 ወይም በወር። ነጋዴ ያገኘውን ጫፍ ከጠርሙሱ ጋር አጋጥሞ ስለሚሸጥ ካርቶኑን ማመን አይበቃም። ጡጦው ተሞልቶ ሲዘቀዘቅ ለአራስ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ በክር መልክ ከፈሰሰ ያንቀዋል። እየጠባ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚጨማደድ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ከጠርሙሱ ጋር የሚያስረው ቀለበት ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ አየር መግቢያ አጥቷል ማለት ነው፣ ትንሽ ላላ ማድረግ ይበቃል።

አጥሚት እንዲያሳልፍ ብሎ ቀዳዳውን በጋለ መርፌ ማስፋት በየቤቱ አለ። ይህ መቅረት አለበት። የተቃጠለው ጠርዝ በድድ ሲታኘክ ይሰነጠቃል፣ ቁራጩም ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስድስት ወር የሞላው ልጅ አጥሚትና ገንፎ በማንኪያ ይበላል፤ ለፈሳሹም ስኒ አለለት። ስኒ እንዲያውም ከጡጦ ይልቅ ለማጽዳት ይቀላል።

የሰፊ አፍ ጥቅም እጥበት ላይ ይታያል። ብሩሹ ጥግ ድረስ ይደርሳል፣ በዓይንም ይታያል። ጠባብ አፍ ባለው ጡጦ ትከሻው ሥር የወተት ቅባት ይቀራል፤ ጠርሙሱ በጣት ሲዳሰስ ካንሸራተተ አልጠራም። በቀለበቱ ጥርስ ውስጥም ነጭ ክምችት ይደበቃል፤ ተነቅሎ በትንሽ ብሩሽ ካልተፈተገ በመቀቀል ብቻ አይለቅም። ለሆድ መነፋት ተብሎ ቱቦና ቫልቭ የተጨመረበት ጡጦ የሚታጠበው ክፍል ስለሚበዛ፣ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት አይመከርም።

ሁሉም ተፈታትቶ በውሃ ተውጦ ይቀቀላል። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወረድ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ትሻላለች። ጀርም ለመግደል ይህ ይበቃል፣ ሰዓት የሚቆጠረው ግን አረፋ ሲጀምር ሳይሆን ከተንተከተከ በኋላ ነው፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ። ጫፉ የድስቱን ግርጌ ከነካ ይጎዳል፤ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ቢነጠፍ ጥሩ ነው።

ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ የሚበጠብጠው ውሃ ከ70 ዲግሪ መውረድ የለበትም። ፈልቶ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ ደሴ ላይ ከ92 ስለሚጀምርና ብርዱም ስላለ ከዚያም ማሳጠር ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይበርዳል፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎም ይሞከራል።

ጠርሙሱ ከመደብዘዝ በቀር እስካሁን አልተሰነጠቀም። ውስጡ በብሩሽ ተጭሮ መስመር ካወጣ ግን ይጣላል፤ ጭረቱ ወተት ይይዛል። ጫፉ በየሁለትና ሦስት ወሩ ይቀየራል፤ ሲሳብ ከተጣበቀ ወይም ከረዘመ ደግሞ ከዚያም በፊት።