ለተማሪ፣ ለልጅና ለአዛውንት በሚሰጠው የትራንስፖርት ቅናሽ፣ የቅናሽ ካርድ ማውጣት ወይስ በየጉዞው ቅናሽ ትኬት ቆርጦ መታወቂያ ማሳየት?

በየጉዞው መቁረጥ ምዝገባ ምናምን የለውም፣ ቀላል ነው። ግን ማሽኑም አፑም ብዙ ጊዜ ማን እንደሆንክ አይጠይቅም፣ "ተማሪ" የሚለውን ከነካህ ይሸጥልሃል፣ ማስረጃው የሚፈለገው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው፣ ያኔ ከሌለህ ትኬት እንዳልቆረጠ ሰው ልትቀጣ ትችላለህ።

ካርድ ከሆነ ማስረጃህ የሚታየው ካርዱ ሲወጣ ነው፣ ከዛ በኋላ ተቆጣጣሪው ማንበቢያው ላይ ምን ዓይነት ቅናሽ እንዳለህ ያያል፣ ፎቶ ካለው ደግሞ ፊትህን ያያል፣ አለቀ።

ወጪውስ? ካርዱ የ6 ሙሉ ትኬት ዋጋ ቢሆንና ቅናሹ አንድ ሦስተኛ ቢሆን፣ ሙሉ ዋጋ ከመክፈል አንጻር የከፈልከውን የሚመልሰው በ18 ጉዞ ነው፣ ትርፉ ከ19ኛው ይጀምራል። ካርዱ በነፃ የሚሰጥ ከሆነማ ምን ያሳስባል።

ሪስኩ እንደ ሰውየው ይለያያል። አዛውንት የልደት ቀን ያለበት መታወቂያ ካላቸው ይበቃቸዋል። ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በጉዞው ቀን ያለው ዕድሜ ነው፣ ትኬቱ የተገዛበት ቀን አይደለም፣ ስለዚህ ዕድሜው ጠርዝ ላይ ላለ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ ወይ ፓስፖርት ያዙ። በቀላሉ ሊያዝ የሚችለው ተማሪ ነው፤ መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ወይ የዘንድሮ ማህተም ሳይመታበት፣ ወይ ፎቶ አንስቶት ስልኩ ላይ ብቻ ይዞት (ብዙ ቦታ ኦሪጅናሉን ነው የሚሉት)።

በየቀኑ ለሚመላለስ ተማሪ ካርድ፣ አልፎ አልፎ ለሚሄዱ አዛውንትና ከወላጅ ጋር ለሚጓዝ ልጅ ግን ትኬትና መታወቂያ።