ሦስት ብልጭታ፦ በጅማ የጫጩት ቤት ውስጥ የጋዝ ፈርነስ ከወራት በኋላ

የጅማ ብርድ እንደ ደብረ ብርሃን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አይደለም። ነገር ግን የክረምቱ ሌሊት እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሙቀት ካላገኘ ተኮራምቶ ያድራል፣ ጠዋት የሞተውን መልቀም ነው። በከሰል ስናሞቅ ጭሱ አስቸገረን፣ በኤሌክትሪክ ስናሞቅ ሂሳቡ። በመጨረሻ ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ከሌላ ዕቃ ጋር ያገለገለ ፈርነስ በኮንቴይነር ላከችልን። ይህ በሰሜን አሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚቆም፣ በጋዝ እየነደደ የሞቀ አየር በቧንቧ የሚያሰራጭ ማሽን ነው። የተከልነው ከጫጩቶቹ ክፍል ውጭ፣ ለብቻው በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ የኩስ አሞኒያ ወደ ነበልባሉ ከገባ ብረቱን ቶሎ ይበላዋልና።

ስለ ሙቀቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ በሚገባ ያሞቃል። ለዚህ አገር የማይመቹ ነገሮቹ ግን አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ስለሆነ ከእኛ 220 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ለሲሊንደር ጋዝ የጋዝ ማውጫ ቀዳዳዎቹና የቫልቩ ስፕሪንግ መቀየር አለባቸው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ የተለመደው ልማድ በየ300 ሜትሩ የጋዙን መጠን በ4 በመቶ መቀነስ ነው፣ ስለዚህ እኛ ዘንድ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀነሳል። ይህን ሳያስተካክል የሚያቀጣጥል ሰው ጥቀርሻና መርዛማ ጋዝ እያመረተ ነው።

ለወራት ከማሽኑ ጋር ስኖር ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም፣ ሰዎች ከሁሉም በላይ በስህተት የሚያነቡትም፣ በመቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ናት። ብልሽት ሲኖር ብልጭ ድርግም እያለች ቁጥር ትነግራለች፣ ትንሽ ታርፍና ትደግማለች። በእኛ ቦርድ ሦስት ብልጭታ የግፊት ስዊቹ አልተገናኘም ማለት ነው፤ አራት ብልጭታ የሙቀት ገደቡ ታልፏል ማለት ነው፤ ሰባት ብልጭታ የነበልባሉ ምልክት ደክሟል ማለት ነው። ቁጥሩ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የሚታመነው በራሱ በማሽኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ብቻ ነው። የእኛ ሠንጠረዥ በእርጥበት መላጥ ስለጀመረ ፎቶ አንስቼ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የታችኛውን በር ሲከፍቱት ከበሩ ጀርባ ያለች ስዊች ኃይሉን ታቋርጣለች፣ እንደ እኛ ባለው ቦርድ ላይ ኮዱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሩን ከመንካት በፊት በትንሿ የመስታወት ቀዳዳ አይቶ መቁጠር ያስፈልጋል፣ ሁለት ሦስት ዙር። የመጣ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን መንቀል ነው፤ ማስረጃውን አጥፍቶ ምርመራ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሐምሌ ማሽኑ ሲመሽ ሲመሽ አልነሳም ይል ጀመር። ቀን ላይ እንደ ልቡ ይሠራል። ከመሸ በኋላ የጭስ ማስወጫው ማራገቢያ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ያቆማል፤ መብራቷም ሦስት ትቆጥራለች። ከከተማው የጠራነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሠንጠረዡን አነበበና፣ «ጋሼ፣ የግፊት ስዊቹ ሞቷል። አዲስ እስኪመጣ ሁለቱን ሽቦ አገናኝተን ቀጥታ እናድርገው» አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ የድካሙን ከፈልኩትና ሸኘሁት። ያ ስዊች ጭሱ በእርግጥ ወደ ውጭ እየተሳበ መሆኑን የሚያረጋግጥ ብቸኛ ጠባቂ ነው። ቀጥታ ከተደረገ የጭስ ቧንቧው ቢደፈን እንኳ ጋዙ ይነድዳል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ክፍሉን ይሞላል፤ በዚያች ክፍል ደግሞ ሲሊንደር የሚቀይር ሰው ይገባል።

የሦስት ብልጭታን ትርጉም ለመረዳት የአነሳሱን ቅደም ተከተል ማወቅ ይበቃል። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ቦርዱ መጀመሪያ የሙቀት ገደቡ ጤነኛ መሆኑን፣ የግፊት ስዊቹም ገና ያልተገናኘ መሆኑን ያያል። ከዚያ የጭስ ማስወጫ ማራገቢያውን ያስነሳል። ማራገቢያው የሚፈጥረው ስበት በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ስዊቹ ይደርሳል፣ ውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ይጎትተዋል፣ ስዊቹም ይገናኛል። ማቀጣጠያው የሚግለውና የጋዝ ቫልቩ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስት ብልጭታ ማለት ቦርዱ «ማራገቢያውን አስነስቼ ጠበቅሁ፣ መልስ ግን አልመጣም» አለ ማለት ነው። መልሱ የቀረው ስዊቹ ስለተበላሸ ይሁን፣ ቱቦው ስለተሰነጠቀ፣ የቱቦው መግቢያ በዝገት ስለተደፈነ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ ጎጆ ስለሠራች ወይም ማራገቢያው ስለደከመ፣ ቦርዱ አያውቅም።

እነዚህን ለመለየት ሁለት መለኪያ በቂ ነው። አንዱ ቮልት የሚለካ መልቲሜትር ነው። ሌላውን በቤት ሠራሁት፦ ከፋርማሲ የተገዛ የግሉኮስ ቱቦ እንደ ፈረስ ጫማ ታጥፎ ጣውላ ላይ ታስሮ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ። አንዱን ጫፍ በቲ መገጣጠሚያ ከስዊቹ ቱቦ ጋር ስታገናኙት የሁለቱ የውሃ ከፍታ ልዩነት ስበቱን በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። ስዊቹ ላይ የታተመው መጠን 0.60 ኢንች ውሃ ነው፣ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ቀን ላይ ስለካው 19 ሚሊ ሜትር አገኘሁ፤ ስዊቹም ተገናኘ። ማታ 13። ማራገቢያው እየዞረ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፍ በስዊቹ ሁለት እግሮች ላይ ሳሳርፍ ቮልት ያሳየኛል፤ ቢገናኝ ኖሮ ዜሮ ይሆን ነበር። ስዊቹ ትክክል ነው ማለት ነው። 15 የሚጠይቅ ስዊች በ13 አልገናኝም ቢል ሥራውን እየሠራ ነው። ቱቦውን ነቅዬ በውሃ ውስጥ ነፋሁት፣ አረፋ አልወጣም። መግቢያውን በቀጭን ሽቦ ጠረግሁት፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ የጋዙን ቫልቭ ዘግቼ፣ ማራገቢያውን ብቻ እያስነሳሁ፣ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ከማሽኑ አላቀቅሁት። ቧንቧው ተደፍኖ ቢሆን ስበቱ ይጨምር ነበር፤ ውሃው ግን እዚያው 13 ላይ ቆመ።

የቀረው ማራገቢያው ነው። ነገር ግን ቀን ጤነኛ ማታ በሽተኛ የሚሆን ሞተር አላምንም። እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያየሁት ቁጥር ትዝ አለኝ፦ በስዊቹ እግሮች ላይ ያነበብኩት 24 አካባቢ መሆን ሲገባው 19 ቮልት ነበር። ይህ ከቦርዱ ትንሽ ትራንስፎርመር የሚመጣ ኃይል ነው፣ እሱ ዝቅ ካለ ከላይ የሚመጣውም ዝቅ ብሏል። ወደ ኋላ እየለካሁ ሄድኩ። ወደ ፈርነሱ የሚገባው 92 ቮልት። ወደ ማውረጃው ትራንስፎርመር የሚገባው 184። ከእሱ በፊት ቮልቱን እንዲያስተካክል ከተከልነው ስታቢላይዘር የሚወጣው 184። ወደ ስታቢላይዘሩ የሚገባውም 184። ስታቢላይዘሩ መብራቱ በርቶ፣ ድምፁም ሳይለወጥ፣ የተሰጠውን እንዳለ ያሳልፋል። ውስጡ ያለችው፣ ቮልቱን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ሪሌ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ቀን መስመሩ 220 ሲሆን ማንም አያውቅባትም፤ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድና መስመሩ ሲወርድ ግን ሞተሩ ይዝላል።

የእነዚህ ማራገቢያዎች ስበት ከፍጥነታቸው ይልቅ በፈጠነ ሁኔታ ይወድቃል፦ ፍጥነቱ በስድስተኛ ሲቀንስ ስበቱ በሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲዞር ያንን ስድስተኛ ገና ሲጀምር አጥቶታል፤ ሳስቶ የሚገኘው የጅማ አየርም ተጨማሪ ይወስዳል። ስለዚህ ማሽኑ እኛ ዘንድ የሚሠራው ከገደቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ደግሞ ስዊቹ አንዴ ከተገናኘ ስበቱ በትንሹ ቢወርድም ተገናኝቶ ስለሚቆይ፣ ከመምሸቱ በፊት የተነሳ እሳት ሳይጠፋ ይቀጥልና ዳግም መነሳት ብቻ እምቢ ይል ነበር። አዲስ ስታቢላይዘር መርካቶ ካለ ሱቅ ገዝቼ ተከልኩ፤ ሦስት ብልጭታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የግፊት ስዊች ብናስመጣ ኖሮ ገንዘቡም ክረምቱም ያልፍ ነበር።

ሌሎቹን ኮዶች በአጭሩ ልጥቀስ። አራት ብልጭታ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የአየር ማጣሪያው ነው፤ የጫጩት ላባ ብናኝ ስለሚደፍነው አየሩ ሳይዘዋወር ብረቱ ይግላል። ማጣሪያውን ማራገፍ ይበቃል። ሰባት ብልጭታ የታየው በተከላው ሰሞን ነው፤ እሳቱ ይነሳና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋ ነበር። የነበልባሉን መለያ ዘንግ በብረት ሱፍ ብናጸዳውም ለውጥ አልነበረም። ቦርዱ ነበልባሉን የሚያውቀው በእሳቱ ውስጥ አልፎ በማሽኑ አካል ወደ መሬት በሚመለስ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጥቂት ማይክሮ አምፔር። የእኛ ማውረጃ ትራንስፎርመር ሁለቱ ጥቅልሎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ከውጤቱ አንዱም ሽቦ ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር፣ ስለዚህ መመለሻ መንገዱ የለም። የጠራነው ባለሙያ አንዱን የውጤት ሽቦ ከማሽኑ አካልና ከመሬት ዘንጉ ጋር አገናኘው፤ ነበልባሉ ታወቀ። ይህ የሚሠራው ጥቅልሎቹ ለየብቻ በሆኑ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ጥቅልሉ አንድ ብቻ በሆነው ዓይነት ላይ እንዲህ ማድረግ ዋናውን መስመር ከመሬት ጋር ሊያጋጨው ይችላልና፣ ከመገናኘቱ በፊት በመልቲሜትር ይለይ።

ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ የማነሳው ሦስት ነገር ነው፦ የሚሰጠው ትራንስፎርመር ጥቅልሎቹ የተለያዩ ይሁኑ፣ ስታቢላይዘሩ መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ የሚያሳይ ይሁን፣ ለከፍታ ቦታ የሚሆን የግፊት ስዊች አምራቹ ካለው ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ። እኔ ተጠባባቂ አድርጌ ያስቀመጥኩት አንድ ማቀጣጠያ ብቻ ነው፤ ተሰባሪ ስለሆነና በጣት ቅባት እንኳ ስለሚጎዳ ከካርቶኑ ሳይወጣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።